ጆቡ አረንጓዴ ነው፣ ቨርዥኑ ግን ሊዘጋ ነው

ሰላም ለሁላችሁም። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ጆብ ነው። በየሌሊቱ ይነሳል። ከሌላ ድርጅት ኤፒአይ የሽያጭ ትዕዛዞችን ያመጣል፣ እኛ ዳታቤዝ ውስጥ ያለውን ሠንጠረዥ ያድሳል፣ ጨርሶ ይዘጋል። ጠዋት ሰዎች ዳሽቦርዱን ከፍተው የትናንቱን ሽያጭ ያያሉ። ሁለት ዓመት ያለ ችግር ሠርቷል። በየቀኑ አረንጓዴ ምልክት ያሳያል። አረንጓዴ ስለሆነም ማንም ከፍቶ አያየውም።

እኔም ያየሁት ለሌላ ጉዳይ ነው። 2025 ኤፕሪል 28 ቀን ነበር። ጆቡ ለምን እየዘገየ እንደመጣ ለማወቅ ፈልጌ፣ በየሌሊቱ የሚጠራውን አድራሻ በእጄ ጠራሁት። የምንጩን ስም ቀይሬዋለሁ፣ ትዕዛዙ ግን ይሄ ነው፦

```
curl -s -D - -o /dev/null "https://api.example.com/v1/orders?page=1"
```

`-D -` የሚለው ሄደሮቹን ስክሪን ላይ ያወጣል። `-o /dev/null` ደግሞ ዳታውን ራሱን ይጥለዋል፣ ምክንያቱም ለጊዜው አልፈልገውም። አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙ ሰው ሄደር ለማየት `curl -I` ይጠቀማል። እሱ ግን የ`HEAD` ሪኩዌስት ነው የሚልከው፣ አንዳንድ ሰርቨር ደግሞ ለእሱ የሚመልሰው ሄደር ይለያል። ጆባችሁ የሚያየውን ለማየት፣ ጆባችሁ የሚልከውን ዓይነት ሪኩዌስት ላኩ።

የመጣልኝ መልስ ይህ ነበር፦

```
HTTP/1.1 200 OK
Content-Type: application/json
Deprecation: @1735689600
Sunset: Mon, 30 Jun 2025 23:59:59 GMT
Link: <https://api.example.com/docs/v2>; rel="deprecation"
```

የመጀመሪያው መስመር 200 ነው፣ ሁሉም ሰላም ነው ይላል። ጆቡም የሚያየው እሱን ብቻ ነው። የመጨረሻዎቹን ሦስት መስመሮች ግን ቀስ ብለን እናንብባቸው።

`Deprecation` ማለት «ይህን አድራሻ መጠቀም ከዚህ ቀን ጀምሮ አይመከርም» ማለት ነው። ከ`@` ቀጥሎ ያለው ረጅም ቁጥር ከ1970 መጀመሪያ ጀምሮ የተቆጠረ ሰከንድ ነው። ሲፈታ 2025 ጃንዋሪ 1 ይሆናል። ይህ አጻጻፍ የተወሰነው በ2025 በወጣው RFC 9745 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ሰርቨሮች እዚያ ቦታ ላይ `true` ብቻ ሊጽፉ ይችላሉ። ስለዚህ ቀን ብቻ የሚጠብቅ ኮድ አትጻፉ፣ ሄደሩ መኖሩ በራሱ ዜና ነው።

`Sunset` ደግሞ ከዚያ የከበደ ነው። «ከዚህ ሰዓት በኋላ አድራሻው መልስ ላይሰጥ ይችላል» ይላል። RFC 8594 ላይ የተደነገገው በ2019 ነው። በእኛ ጉዳይ የተጻፈው ጁን 30 ነው። ከኤፕሪል 28 ስንቆጥር 63 ቀን ቀርቶናል።

`Link` የሚለው ማብራሪያው የት እንዳለ ይጠቁማል።

እኔን ያስደነገጠኝ ቀኑ መቅረቡ አልነበረም። 63 ቀን በቂ ነው። ያስደነገጠኝ ማስጠንቀቂያው በእያንዳንዱ ሪስፖንስ ላይ ተለጥፎ ሲመጣ መክረሙ ነው። ጆቡ በአንድ ሌሊት ወደ 40 ሪኩዌስት ይልካል። ምንጩ በ40ውም ላይ «ልዘጋው ነው» ብሎ ይመልሳል። ጆቡ ዳታውን ይወስዳል፣ ሄደሩን ይጥላል፣ አረንጓዴ ይሆናል። ኢሜይልም ተልኮ ነበር። የተላከው ግን ከዓመታት በፊት የኤፒአይ ቁልፉን ወዳወጣው ባልደረባ ነው። እሱ ሥራ ቀይሯል፣ ሳጥኑም ተዘግቷል። ለዚህ ዓይነት ምዝገባ የሰው ሳይሆን የቡድን ኢሜይል ስጡ። ቀላል ነገር ነው፣ ግን ብዙ ቦታ አልተደረገም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራችን ጆቡ የሚነገረውን እንዲሰማ ማድረግ ነበር። ፓይተን ላይ `requests` ለምትጠቀሙ፣ ይህችን ታህል ኮድ ትበቃለች፦

```python
def watch(resp, *args, **kwargs):
    dep = resp.headers.get("Deprecation")
    sun = resp.headers.get("Sunset")
    if dep or sun:
        url = resp.url.split("?")[0]
        notify(url, dep, sun, resp.headers.get("Link"))

session.hooks["response"].append(watch)
```

`notify` የምትሉትን እናንተ ትሞሉታላችሁ። እኛ በአንድ አድራሻ በቀን አንድ መልእክት ብቻ እንድትልክ አደረግናት፣ አለበለዚያ በአንድ ሌሊት 40 መልእክት ታዘንባለች፣ ሰውም ድምፅዋን ያጠፋታል። ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ያለውን የአድራሻ ክፍል የቆረጥኩትም ሆን ብዬ ነው። አንዳንድ ኤፒአይ ቁልፉን እዚያ ላይ ነው የሚያስገባው፣ ቁልፉ ደግሞ የመልእክት ቻናል ላይ መታየት የለበትም።

ሁሉም ምንጭ እነዚህን ሄደሮች አይልክም። አንዳንዱ የራሱ አለው። አንዳንዱ ምንም አይልክም፣ ሰነዱ ላይ ብቻ ይጽፋል። ለእንደዚህ ዓይነቱ፣ የምንጠቀምባቸውን ቨርዥኖችና የሚያበቁበትን ቀን በአንድ ፋይል ጽፈን፣ በየሩብ ዓመቱ አንድ ሰው ሰነዶቹን ከፍቶ እንዲያስተያይ አደረግን። ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም።

እዚህ ጋ ከአዳራሹ አንድ ጥሩ ጥያቄ ተነስቶ ነበር። «ለምን እስኪዘጋ አንጠብቅም? ሲዘጋ ጆቡ ቀይ ይሆናል፣ ያኔ እናስተካክለዋለን» የሚል ነው። መልሴ፣ ሲዘጋ ጆቡ ቀይ ላይሆን ይችላል የሚል ነው።

የታደለ ሰው 410 ያገኛል። 410 «ነበር፣ አሁን የለም» ማለት ነው። ጆቡ ይወድቃል፣ ይታወቃል። ሌሎች መንገዶች ግን አሉ። አንዱ፣ ምንጩ የድሮውን ሪኩዌስት ዝም ብሎ ወደ አዲስ ቨርዥን ማሳለፉ ነው። ሾፒፋይ ለምሳሌ ጊዜው ባለፈ ቨርዥን ስትጠሩት፣ በወቅቱ ከሚደግፋቸው ውስጥ በጣም አሮጌ በሆነው ይመልስላችኋል። መልሱ 200 ነው። የትኛው ቨርዥን እንደመለሰ የሚነግራችሁ `X-Shopify-API-Version` የሚል ሄደር ነው፣ እሱን ካላነበባችሁ የመልሱ ቅርጽ መቀየሩን የምታውቁት ሌላ ቦታ ሲበላሽ ነው። ሌላው መንገድ ደግሞ አድራሻው ክፍት ሆኖ ዳታው መታደሱን ማቆሙ ነው። የድሮው ቨርዥን ከድሮው ዳታቤዝ ላይ ያነባል፣ አዲስ ነገር ግን እዚያ አይገባም። ጆቡ ሌሊቱን ይሄዳል፣ ያው የትናንትናውን ይዞ ይመጣል፣ አረንጓዴ ይሆናል። ሦስተኛው በጣም መጥፎው ነው። 200 ይመልሳል፣ ውስጡ ግን ባዶ ዝርዝር ነው፦ `[]`። ጆባችሁ ሠንጠረዡን በሙሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ የሚሞላ ከሆነ፣ በባዶ ይሞላዋል።

ለነዚህ ሁለት መከላከያዎች አስገባን። ጆቡ ሲጨርስ በሠንጠረዡ ውስጥ በጣም አዲሱ `updated_at` ስንት ሰዓት እንደሆነ ያያል። ከ36 ሰዓት በላይ የቆየ ከሆነ ራሱን ወድቋል ይላል። አዲሱን ዳታ ደግሞ መጀመሪያ ጊዜያዊ ሠንጠረዥ ላይ ይጽፋል፣ ቁጥሩ ከትናንቱ ከግማሽ በታች ከሆነ ወደ ዋናው ሠንጠረዥ አያስገባውም። 36 ሰዓት የሚለውም ግማሽ የሚለውም ለእኛ ዳታ የሚስማሙ ናቸው። የእናንተን የእናንተ ዳታ ይነግራችኋል።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። አንዳንድ ምንጮች ከመጨረሻው ቀን በፊት ሆን ብለው ለአጭር ጊዜ ያጠፋሉ። ብራውንአውት ይሉታል። ጊትሃብ በ2020 ኤፒአዩ ላይ በፓስዎርድ መግባትን ከማስቀረቱ በፊት ይህን አድርጓል። ዓላማው ያልሰማውን ሰው መቀስቀስ ነው። የእኛም ምንጭ ለጁን ወር አቅዶ ነበር፣ በየጊዜው ለ15 ደቂቃ። የእኛ ጆብ ግን ሲወድቅ ከ10 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይሞክራል፣ እስከ ሦስት ጊዜ። ስለዚህ የ15 ደቂቃ መጥፋት ቢደርስበት ቢዘገይ በሦስተኛው ሙከራ ይሳካለታል፣ አረንጓዴ ይሆናል። መልሶ መሞከር ጥሩ ነገር ነው፣ እኔም አላነሳሁትም። ግን «በሦስተኛው ነው የተሳካው» የሚለውን ማየት መቻል አለባችሁ። የሙከራውን ቁጥር ጻፉት፣ ሲጨምር ጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንግባ። ቪ1ን ወደ ቪ2 መቀየር።

አድራሻው ላይ ያለውን `v1` በ`v2` ተክቶ መሄድ ይቻላል። እኔም ሞከርኩት፣ ሠራ። አንድም ስህተት አልሰጠም። እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል፣ ግን ቀጥታ ወደ ሥራ ብናስገባው ኖሮ የሦስት ዓይነት ስህተት ቁጥር ዳሽቦርዱ ላይ ይወጣ ነበር። ያወቅነው ሁለቱን ጎን ለጎን ስላስኬድናቸው ነው። ቪ1 ገና በሕይወት እያለ ማድረግ የምትችሉት ትልቁ ነገር ይህ ነው። ከተዘጋ በኋላ ቪ2 ትክክል ይሁን አይሁን የምታመሳክሩበት ነገር የላችሁም።

እንዲህ አደረግን። ያለቀ ሳምንት መረጥን፣ ከሜይ 5 እስከ ሜይ 11። ያለቀ መሆኑ አስፈላጊ ነው፣ እየተቀየረ ያለ ቀን ካወዳደራችሁ ልዩነቱ ከቨርዥኑ ይሁን ከሰዓቱ አታውቁም። የሁለቱንም መልስ እንዳለ፣ ምንም ሳንነካ ፋይል ላይ አስቀመጥን። ከዚያ ቆጠርን። ቪ1 18,240 ትዕዛዝ ሰጠ። ቪ2 18,192 ሰጠ። ልዩነቱ 48 ነው።

48 ከ18 ሺህ ምንም አይደለም ብሎ ማለፍ ይቻላል። ባልደረባዬ «ግዴለህም፣ በትዕዛዝ ቁጥር አንድ በአንድ እናስተያያቸው» አለችኝ። ልክ ነበረች። ስናስተያይ ቪ1 ላይ ብቻ ያሉት 57 ሆኑ። ቪ2 ላይ ብቻ ያሉት ደግሞ 9። 57 ሲቀነስ 9፣ 48። ማለትም የሚለያዩት 66 ትዕዛዞች ናቸው፣ ድምሩ ግን ተጣፍቶ 48 መስሎ ታየ። ድምር ብቻ ማወዳደር የሚያታልለው ለዚህ ነው። በሁለት አቅጣጫ የሚሄድ ስህተት እርስ በርሱ ይሸፋፈናል።

57ቱን አወጣንና ተራ በተራ አየናቸው። 43ቱ የተሰረዙ ትዕዛዞች ነበሩ። ቪ1 የተሰረዘውን ትዕዛዝ `status` ላይ `deleted` ብሎ አብሮ ይልካል። ቪ2 ግን ካልጠየቅኸው አይልክም፣ ሪኩዌስቱ ላይ `include=deleted` መጨመር አለብህ። ሰነዱ ላይ ተጽፏል፣ በአንዲት መስመር። ይህ ለምን ይከብዳል? ጆባችን የሚያመጣው የተቀየሩትን ብቻ ነው። አንድ ትዕዛዝ ትናንት ገብቶ ዛሬ ቢሰረዝ፣ ቪ2 መሰረዙን አይነግረንም፣ እኛ ጋ ያለው መስመር እንዳለ ይቀራል። ያልተሸጠ ነገር እንደተሸጠ ሆኖ ለዘላለም ይቆጠራል።

የቀሩት 14 እና በሌላ በኩል ያሉት 9 የሰዓት ጉዳይ ሆኑ። ሁለቱንም ስንጠይቅ መነሻውን `2025-05-05T00:00:00` ብለን ነበር። ቪ1 ይህን በራሱ ሰርቨር ሰዓት ይረዳዋል፣ ያ ከዓለም አቀፉ ሰዓት፣ ከዩቲሲ፣ በሁለት ሰዓት ይቀድማል። ቪ2 ደግሞ በዩቲሲ ይረዳዋል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሳምንት የጠየቅን መሰለን እንጂ፣ የቪ2 ሳምንት ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ተጀምሮ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ነው ያለቀው። በመጀመሪያው ሁለት ሰዓት የገቡት 14 ቪ1 ላይ ብቻ ታዩ፣ በመጨረሻው ሁለት ሰዓት የገቡት 9 ቪ2 ላይ ብቻ። መፍትሔው ሰዓትን ያለ ማካካሻ አለመላክ ነው። አሁን ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ `Z` ወይም `+02:00` እንጽፋለን።

ሁለቱን ካስተካከልን በኋላ ትዕዛዞቹ አንድ በአንድ ገጠሙ። 18,240 በ18,240። እዚህ ላይ መቆም ያምራል። እኛም ልናቆም ነበር። ግን እስካሁን ያወዳደርነው ትዕዛዙ መኖሩን እንጂ ውስጡ ያለውን አይደለም። ስለዚህ ገንዘቡን አወዳደርን፣ `total` የሚለውን። 611 ትዕዛዝ ላይ ተለያየ። በሁሉም ላይ የቪ2 ይበልጣል።

ቅርጹ መሆኑን መጀመሪያ ጠርጥረን ነበር። ቪ1 `149.9` ብሎ በቁጥር ይልካል፣ ቪ2 `"149.90"` ብሎ በጽሑፍ። እሱን ግን ቀድመን አስተካክለነዋል። ከዚያ ከ611ዱ ጥቂቶቹን ከፍተን ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን አደረግናቸው። አንዱ ይህን ይመስላል፦

```
v1:  "total": 120.5
v2:  "total": "135.50", "discount_total": "15.00"
```

135.50 ሲቀነስ 15.00፣ 120.50። በቪ1 `total` ቅናሽ ከተነሳ በኋላ ያለው ዋጋ ነው። በቪ2 ቅናሽ ከመነሳቱ በፊት ያለው ነው፣ ቅናሹ ለብቻው ተቀምጧል። በሁሉም 611 ላይ ልዩነቱ ልክ የ`discount_total` ያህል መሆኑን አረጋገጥን። 600 ላይ ገጥሞ 11 ላይ ባይገጥም ኖሮ ገና ሌላ ምክንያት ቀርቶናል ማለት ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ስሙ የተቀየረ ዓምድ አያስፈራም። ኮዱ ያጣዋል፣ ይወድቃል፣ ታስተካክላለህ። የሚያስፈራው ስሙ ሳይቀየር ትርጉሙ የተቀየረ ነው። ኮዱ ያገኘዋል፣ ይደምረዋል፣ ሽያጩ በአንድ ሌሊት ትንሽ ከፍ ይላል። ሽያጭ ከፍ ሲል ደግሞ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይቀንሳል። ስለዚህ በስም የሚገጥሙትን ዓምዶች ሁሉ፣ ያልተቀየሩ የሚመስሉትን በተለይ፣ በዋጋ አወዳድሩ።

ልዩነቱ በሙሉ ሲብራራ፣ ቪ2ን ለ10 ሌሊት ከቪ1 ጎን በራሱ ሠንጠረዥ ላይ አስኬድነው። ዳሽቦርዱ አሁንም ከቪ1 ያነባል። በየጠዋቱ አንድ ኬሪ ሁለቱን ያስተያያል። አሥር ሌሊት ያልኩት የሳምንት መጨረሻና የወር መገባደጃ እንዲገቡበት ነው፣ ከሜይ 23 እስከ ጁን 1። ወር ሲያልቅ የሚመጡ የማስተካከያ መስመሮች አሉ፣ በመደበኛ ቀን አይታዩም።

ወደ ቪ2 ልንሻገር ስንል አንድ ቀዳዳ ቀረን። እሱን በቁጥር ላሳያችሁ፣ ምክንያቱም ለማየት ያስቸግራል።

ጆቡ በየሌሊቱ ያመጣውን የመጨረሻ `updated_at` ይመዘግባል። በማግስቱ «ከዚህ በኋላ የተቀየረውን ስጠኝ» ይላል። በቪ1 የተመዘገበው `2025-06-02T02:10:00` ነበር፣ ያለ ማካካሻ፣ በሰርቨሩ ሰዓት። በዩቲሲ ይህ 00:10 ነው። ይህን ምልክት እንዳለ ለቪ2 ብንሰጠው፣ 02:10 ዩቲሲ ብሎ ይወስደዋል። ከ00:10 እስከ 02:10 ዩቲሲ የተቀየረው ሁሉ ይዘለላል። ቪ1 ገና አላመጣውም፣ ቪ2 ደግሞ አልፎታል። ቀጣይ ሌሊትም ወደ ኋላ ተመልሶ አያየውም። ጎን ለጎን ስናስኬድ ይህ አልታየም፣ ምክንያቱም ያኔ ቪ2 የራሱን ምልክት ነበር የያዘው። ሲሻገር ግን የቪ1ን ሠንጠረዥ ቅጂ ከነምልክቱ ነው የሚረከበው። ችግሩ ያለው በመሻገሪያዋ ሌሊት ላይ ብቻ ነው።

ያደረግነው ምልክቱን በአንድ ሙሉ ቀን ወደ ኋላ መመለስ ነው። የ24 ሰዓት ትዕዛዝ ደግሞ ይመጣል፣ ግን ጆቡ በትዕዛዝ ቁጥር አይቶ ያለውን ያድሳል እንጂ አዲስ መስመር አይጨምርም፣ ስለዚህ ምንም አይደረብም። ይህ የሚሠራው ቁጥሩ ካልተቀየረ ነው። ቪ2 ለትዕዛዙ አዲስ መለያ ሰጥቶት ነበር፣ የድሮውን ደግሞ `legacy_id` ብሎ አስቀምጦታል። እኛ በድሮው ቀጠልን፣ አዲሱን በሌላ ዓምድ ያዝነው። በአዲሱ ብናደርገው ኖሮ ሁሉም ትዕዛዝ ሁለት ሁለት ጊዜ ይገባ ነበር።

ጁን 3 ዳሽቦርዱን ወደ ቪ2 ሠንጠረዥ አዞርነው። የቪ1ን ጆብ ግን አላጠፋነውም፣ እስከ ጁን 30 እንዲሄድ ተውነው። ዋጋው ትንሽ ነው፣ አንድ ሰው «ይህ ቁጥር ልክ ነው ወይ?» ሲል ግን መልስ ይሰጣል። በዚህ መሀል ደግሞ የቪ1ን ታሪክ በሙሉ፣ ከመጀመሪያው ትዕዛዝ ጀምሮ፣ ጥሬ መልሱን እንዳለ አውርደን አስቀመጥን። ሁለት ሌሊት ፈጀ፣ ምንጩ በደቂቃ የሚፈቅደው ሪኩዌስት ውስን ስለሆነ። ይህን ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት። ያኔ ሁሉም ደንበኛ ያንኑ ነው የሚያደርገው።

አንድ የሳትነው ነገር ግን ነበር።

`v1` የሚለውን በኮዶቻችን ሁሉ ፈልገን ነበር። ሁለት ጆብ አገኘን፣ ሁለቱንም ቀየርን። ሄደር የምታነበዋ ኮድም ከምናውቃቸው ሌላ አድራሻ አላሳየችም። ጁላይ 1 ጠዋት ግን ከሒሳብ ክፍል አንዲት ባልደረባ «ወርሃዊው ፋይል አልወጣም» ብላ ጻፈችልን። አንድ ሰው ከዓመታት በፊት የጻፈው ስክሪፕት ነው። የእኛን ኮድ አይጠቀምም፣ ስለዚህ ማስጠንቀቂያው አልደረሰውም። የኤፒአዩ አድራሻ ደግሞ ኮዱ ውስጥ ሳይሆን ሰርቨሩ ላይ ባለ የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ፍለጋችን አላገኘውም። በየወሩ 1ኛው ቀን ላይ ብቻ ነው የሚሄደው። ጁን 1 ሄዷል፣ በደህና። ቀጣዩ ተራው ጁላይ 1 ነበር። የቪ1 የመጨረሻ ቀን በሁለቱ መሀል ነው የወደቀው። ያገኘው መልስ 410 ነው፣ ያም ዕድል ነው።

ከዚያ በኋላ ኮድ ከመፈለግ በፊት የምናየው ወደ ውጭ የሚወጣውን ትራፊክ የሚመዘግበውን ፕሮክሲ ነው። የሁለት ወር ሎግ ወስደን፣ ወደ ምንጩ የሄደውን ሪኩዌስት ሁሉ በሰርቨር ስምና በላኪ ማሽን እንለያለን። አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ጊዜ የሚጠየቅ ስለሆነ። ኤችቲቲፒኤስ ከሆነና ፕሮክሲው ምስጠራውን የማይፈታ ከሆነ፣ የሚያየው የሰርቨሩን ስም እንጂ `/v1/` የሚለውን አይደለም። ስለዚህ ሎጉ የሚነግራችሁ የትኛው ማሽን ምንጩን እንደሚጠራ ነው፣ በየትኛው ቨርዥን እንደሆነ ለማወቅ ማሽኑ ጋ ሄዳችሁ ማየት አለባችሁ። የኛን ወርሃዊ ስክሪፕት በዚህ መንገድ ብንፈልገው ኖሮ በሜይ 1 እና በጁን 1 የታየ አንድ የማናውቀው ማሽን ሆኖ ይወጣ ነበር። የሒሳብ ክፍሉን ፋይል ከቪ2 አውጥተን ከሰዓት በኋላ ሰጠናት። ቅናሹን መቀነስም አልረሳንም።